«ፍሪጅ አለ? ዋጋው?» ብሎ ከመላክ በፊት

ቴሌግራም ላይ የፍሪጅ ፎቶ አይተን ብዙዎቻችን የምንጽፈው ተመሳሳይ ነው፤ «ሰላም፣ ይሄ አለ? ዋጋው ስንት ነው?» ባለ ሱቁም ጠያቂ ስለሚበዛበት «አለ፣ 58 ሺህ፣ ይምጡ» ብሎ ያልፋል። ፈጣን ነው፤ ግን ከዚህ በኋላም የምናውቀው ነገር በጣም ጥቂት ነው። 58 ሺህ ብር የየትኛው ፍሪጅ ዋጋ ነው? ፎቶው ላይ የምናየው ብርማ ባለ ሁለት በር ፍሪጅ በተለያየ መጠንና በተለያየ አሠራር ይመረታል፤ በሩ ተዘግቶ ፎቶ ሲነሣ ግን ሁሉም አንድ ይመስላሉ። አንዱ በረዶ ይጋግራል፣ ሌላው አይጋግርም። አንዱ ማታ ማታ በሚቀዘቅዝ ማእድ ቤት ውስጥ በትክክል ይሠራል፣ ሌላው ፍሪዘሩ ውስጥ ያለውን ሥጋ ያለሰልሳል። ፎቶው ራሱ ከፋብሪካው ማስታወቂያ የተወሰደ ሊሆን ይችላል፤ ሱቁ ውስጥ የቆመው ደግሞ የእሱ ታናሽ።

ጥሩ ዜናው ይህን ሁሉ ገና ሱቁ ሳንደርስ፣ በአንድ አጭር መልእክት ማወቅ መቻላችን ነው። ዋናው ምስጢር ያለው እያንዳንዱ ፍሪጅ ላይ የተለጠፈች አንዲት ስቲከር ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ፍሪጁ ውስጥ በጎን ግድግዳው ላይ፣ ከአትክልት መሳቢያው አጠገብ ትገኛለች፤ አንዳንዴ ደግሞ ከጀርባ። ሰው ሳያያት ዓመታት ያልፋሉ። እሷን ማንበብ የቻለ ሰው ከሻጩ ጋር የሚያደርገው ንግግር መልኩ ይለወጣል፤ እስቲ አብረን እናንብባት።

ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ ምሳሌ ልውሰድ። እንበልና አንዲት ጓደኛችን ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። ያየችው ማስታወቂያ «ባለ ሁለት በር፣ 260 ሊትር፣ ኖ ፍሮስት፣ የ10 ዓመት ዋስትና» ይላል። የጻፈችው መልእክት ይኸውላችሁ፦

«ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ዋሉ። ቻናላችሁ ላይ 260 ሊትር ኖ ፍሮስት ተብሎ የተለጠፈውን ባለ ሁለት በር ፍሪጅ ለመግዛት ፈልጌ ነው። እቃው አሁን እናንተ ጋ አለ ወይስ ከሌላ ቦታ ነው የሚመጣው? ካርቶኑ ያልተከፈተ ነው ወይስ ለእይታ የቆመው? ሙሉ የሞዴል ቁጥሩን ቢልኩልኝ፤ ፍሪጁ ውስጥ ወይም ከኋላው ያለውን ስቲከር በስልክዎ አንስተው ቢልኩልኝ ደግሞ የበለጠ ይጠቅመኛል። ዋስትናው ስንት ዓመት ነው? የሙሉ ፍሪጁ ነው ወይስ የኮምፕረሰሩ ብቻ? ቢበላሽ የሚጠግነው ማን ነው? ዋጋው በደረሰኝ፣ ከነቫቱ ስንት ነው? ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ሲመጣስ? ዋጋው እስከ መቼ ይቆያል? አመሰግናለሁ።»

ረዘም ያለ ይመስላል፤ ግን ባለ ሱቁ ቦታ ላይ ሆናችሁ እዩት። እያንዳንዱ ጥያቄ በአንድ ወይም በሁለት ቃል ይመለሳል። ሰፈሩና ፎቁ ስለተጠቀሰ ጠያቂዋ የምር ገዢ መሆኗ ያስታውቃል፤ ሻጭም እንዲህ ላለው ሰው ተነሥቶ ስቲከር ፎቶ ለማንሣት አይሰንፍም። በየደቂቃው «ስንት ነው?» ብሎ ለሚጠፋ ሰው ግን ማንም አይነሣም።

መኖሩን በተመለከተ ብዙ የሚባል የለም፤ አንዲት ነገር ብቻ። መርካቶም ሆነ ሌላ የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች በሚበዙበት ሰፈር «አለ» ማለት «ማምጣት እችላለሁ» ማለትም ሊሆን ይችላል። ባለ ሱቁ ከጎረቤቱ ወይም ከአስመጪው መጋዘን ያስመጣል። ይህ ነውር አይደለም፣ ንግዱ የሚሠራው እንዲህ ነው። ለእኛ ግን ልዩነት አለው፤ እቃው በእጁ ከሌለ ስቲከሩን ፎቶ ማንሣት አይችልም፤ ዋጋውም በሌላ ሰው አፍ ላይ ነው ያለው፤ ነገ ሊለወጥ ይችላል። ለእይታ የቆመው ከሆነ ደግሞ በሩ ብዙ ጊዜ ተከፍቶ የተዘጋ፣ ጎኑ የተጫረ ሊሆን ስለሚችል ዋጋው ላይ መነጋገር ተገቢ ነው።

አሁን ወደ ሞዴሉ እንምጣ፤ ልቤ ያለው እዚህ ጋ ነው።

ባለ ሱቁ ስቲከሩን አንስቶ ላከላት። ከላይ ያለው ጽሑፍ BCD-212 ይላል። አገራችን ገበያ ላይ ያሉ እጅግ ብዙ ፍሪጆች፣ በሩ ላይ የተጻፈው ስም ምንም ይሁን ምን፣ ቻይና ውስጥ የተመረቱ ናቸውና ይህን አጻጻፍ ደጋግማችሁ ታዩታላችሁ። የዘፈቀደ ፊደል አይደለም፤ የቻይና የደረጃ ሥርዓት ለቤት ፍሪጅ ያወጣው አሰያየም ነው። የመጀመሪያው B ፍሪጅ መሆኑን ይነግራል። C የማቀዝቀዣ ክፍል፣ D ደግሞ የፍሪዘር ክፍል አለው ማለት ነው። ስለዚህ BCD የሚል ካያችሁ ማቀዝቀዣም ፍሪዘርም ያለው ነው። BC ከሆነ የማቀዝቀዣ ክፍል ብቻ ያለው፣ BD ከሆነ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ፍሪዘር ነው፤ ሥጋ ቤትና ግሮሰሪ ውስጥ የምናያቸው ወደ ላይ የሚከፈቱት ሣጥኖች ብዙ ጊዜ BD ወይም BD/BC ይላሉ። ቁጥሩ ሊትሩ ነው። ከቁጥሩ ቀጥሎ W የሚል ፊደል ከተጨመረ በረዶ አይጋግርም፣ ማለትም ኖ ፍሮስት ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጡት ፊደሎችና ቁጥሮች የፋብሪካው የራሱ ናቸው፤ ቀለም፣ የበር ዓይነት፣ የስሪት ትውልድ።

እንግዲህ የጓደኛችንን ስቲከር እንደገና አንብቡት። BCD-212። ማስታወቂያው 260 ሊትር ብሎ ነበር፤ ስቲከሩ 212 ይላል። ማስታወቂያው ኖ ፍሮስት ብሎ ነበር፤ ስቲከሩ ላይ ግን W የለም። ሁለቱም ነገር በአንዲት መስመር ተገለጠ። ባለ ሱቁ አጭበርባሪ ነው ማለት አይደለም፤ ምናልባት የትልቁን ፎቶና ጽሑፍ ለጥፎ ያ እቃ አልቆበት ይሆናል። ነገር ግን ገንዘቡ የወጣው በማስታወቂያው ቢሆን ኖሮ ልዩነቱ የሚታወቀው ከወራት በኋላ፣ ፍሪዘሩ ግድግዳ ላይ በረዶ ሲጋገር ነበር።

ሙሉ የሞዴል ቁጥር የምንለው እስከ መጨረሻዋ ፊደል ድረስ ለዚህ ነው። ባለ ሱቆች በእጅ ሲጽፉ መጨረሻውን ይቆርጡታል፤ «212 ነው» ይላሉ። የተቆረጠችው ፊደል ግን አንዳንዴ ዋናዋ ናት። ቻይና ሠራሽ ያልሆኑ ወይም የሌላ ኩባንያ አሰያየም የሚከተሉ ፍሪጆችም ላይ ነገሩ ያው ነው፤ በመጨረሻ ላይ የሚጨመሩት ፊደሎች ብዙ ጊዜ ቀለሙንና የተሠራለትን ገበያ የሚለዩ ናቸው። ስለዚህ ጽሑፍ ከምትጠይቁ ፎቶ ጠይቁ። ካርቶኑ ያልተከፈተ ከሆነም ሞዴሉ ካርቶኑ ላይ ታትሟል።

ሊትሩ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ስቲከሩ ላይ አንዳንዴ ሁለት የሊትር ቁጥር አለ፤ አንዱ ውስጡ ባዶውን ሲለካ፣ ሌላው መደርደሪያና መሳቢያ ገብቶ እቃ የሚይዘው። ሻጭ የሚነግረን ትልቁን ነው፤ ለእኛ የሚጠቅመን ትንሹ ነው። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የመጣ ከሆነ ደግሞ በ«ፊት» ይነገራል፤ አንዱ ኪዩቢክ ፊት 28 ሊትር ከትንሽ ነው፤ ባለ 14 ፊት ፍሪጅ 396 ሊትር ገደማ ይሆናል ማለት ነው።

ከሞዴሉ በታች፣ ብዙ ሰው ጨርሶ የማያያቸው ጥቂት ፊደሎች አሉ። SN፣ N፣ ST፣ T። አንዳንዴ አንዱ ብቻ፣ አንዳንዴ ሁለት ሦስቱ አብረው። እነዚህ ፍሪጁ በምን ዓይነት ሙቀት ባለበት ክፍል ውስጥ እንዲሠራ እንደታሰበ ይናገራሉ። SN ከ10 እስከ 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ክፍል ነው። N ከ16 እስከ 32። ST ከ16 እስከ 38። T ከ16 እስከ 43። የሚለካው የፍሪጁ ውስጥ ሳይሆን ፍሪጁ የቆመበት ክፍል ሙቀት ነው።

ድሬዳዋ ወይም ሰመራ ላለ ሰው T መኖሩ ግድ ነው፤ በ40 ዲግሪ ሙቀት N ብቻ የሆነ ፍሪጅ ኮምፕረሰሩ ሳያርፍ እየሠራ ውስጡን ማቀዝቀዝ ያቅተዋል። ይህን ሁሉም ሰው ይረዳዋል። የሚገርመው ሌላኛው ጫፍ ነው፤ ለአዲስ አበባ፣ ለደብረ ብርሃን፣ ለደሴ ሰው ችግሩ ብርዱ ነው። «ብርድ ፍሪጅን ምን ያደርገዋል? እንዲያውም ያግዘዋል» የምትሉ ካላችሁ ይህን ስሙኝ።

ብዙዎቹ ቀላል ባለ ሁለት በር ፍሪጆች አንድ ኮምፕረሰርና አንድ ቴርሞስታት ብቻ አላቸው። ቴርሞስታቱ የሚያዳምጠው የታችኛውን፣ የማቀዝቀዣውን ክፍል ነው። ያ ክፍል ከ5 ዲግሪ አካባቢ ሲያልፍ ኮምፕረሰሩን ያስነሣል፤ ሲቀዘቅዝ ያጠፋዋል። ፍሪዘሩ የራሱ ጠባቂ የለውም፤ ኮምፕረሰሩ በተነሣ ቁጥር አብሮ ይቀዘቅዛል። አሁን ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ነው እንበል፤ አዲስ አበባ ሌሊቱ ውጭ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ቤታችን ማሞቂያ የለውም፤ ማእድ ቤቱ ወለሉ ሴራሚክ ነው፣ መስኮቱ በደንብ አይገጥምም። ክፍሉ 12 ወይም 13 ዲግሪ ሲሆን የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ የሚገባበት ሙቀት በጣም ትንሽ ስለሆነ ለረጅም ሰዓት ቀዝቅዞ ይቆያል። ቴርሞስታቱ «ሁሉ ሰላም ነው» ይላል። ኮምፕረሰሩ አይነሣም። ከላይ ግን ፍሪዘሩ ከዜሮ በታች 18 መሆን ሲገባው ቀስ በቀስ ይሞቃል፤ ጠዋት ሥጋው በጣት ሲነካ ይለሰልሳል፤ በረዶ መሥሪያው ላይ ውሃ ይታያል። ሰዉ ጠጋኝ ይጠራል፤ አንዳንዱ ጠጋኝም ጋዝ አልቋል ብሎ ጋዝ ይሞላል። ፍሪጁ ግን ምንም አልሆነም፤ SN የሌለው ፍሪጅ ከ16 ዲግሪ በታች ባለ ክፍል ውስጥ ስለቆመ ነው።

እንዴት እንለየዋለን? ችግሩ በቀዝቃዛ ወራት ብቻ ከታየ፣ በሞቃት ወራት ከጠፋ፣ ቀን ማእድ ቤቱ ሲሞቅ ፍሪዘሩ መልሶ ከጠነከረ፣ ነገሩ ይኸው ነው። የጋዝ መፍሰስ ወቅት አይመርጥም። አንዳንድ ፋብሪካዎች ይህን አስበው ታች ክፍል ውስጥ ትንሽ ማብሪያ ያስቀምጣሉ፤ ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ስትበራ ቴርሞስታቱ አጠገብ ትንሽ ሙቀት ሰጥታ ኮምፕረሰሩ እንዲነሣ ታደርጋለች። ሞዴሉ ይህ ካለው ስለ ፊደሉ መጨነቅ ይቀንሳል። ለሁለቱ ክፍሎች የተለያየ መቆጣጠሪያ ያላቸው ፍሪጆችም ከዚህ ችግር በእጅጉ የራቁ ናቸው።

የጓደኛችን ስቲከር N/ST ይላል። ደጋ ላይ፣ ሰሜን በሚያይ ማእድ ቤት ውስጥ ለሚቆም፣ በአንድ ቴርሞስታት ለሚሠራ ፍሪጅ እኔ ይህን አልመርጥም። T ስለተጻፈበት «የበለጠ ጠንካራ» ነው ብሎ መግዛትም ለአዲስ አበባ ሰው ትርጉም የለውም፤ እኛ የምንፈልጋት ፊደል SN ናት። አብዛኛውን ጊዜ SN/N/ST ወይም SN/N/ST/T ተብሎ አብሮ ይጻፋል፤ ያ ከተገኘ ለአዲስ አበባ ብርድም ሙቀትም ይበቃል።

ስቲከሩ ላይ አንድ መስመር ይቀረናል፤ የመብራቱ። ኢትዮጵያ ውስጥ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ስቲከሩ 220-240 ቮልት 50 ኸርዝ ካለ ሌላ ነገር አትጠይቁ። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ከሳዑዲ ዓረቢያ የመጣ እቃ ላይ ነው፤ እዚያ መብራቱ 60 ኸርዝ ስለሆነ ለዚያ ገበያ የተሠራ ፍሪጅ 60 ብቻ ሊል ይችላል። ሶኬት ላይ ሲሰካ ይሠራል፤ ለዚህ ነው ሰው የሚታለለው። ነገር ግን ለ60 የተሠራ ተራ ኮምፕረሰር በ50 ሲነዳ ፍጥነቱ በአንድ ስድስተኛ ይቀንሳል፣ ሞተሩም ከተሰላለት በላይ ይሞቃል፤ ዕድሜው በዝምታ ያጥራል። ከአሜሪካ የሚመጣው ደግሞ ቮልቱም ሌላ ነው፤ ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል እንጂ ኸርዙን አይነካውም። ከዱባይ የሚመጣው በዚህ በኩል ችግር የለበትም፤ እዚያም 50 ኸርዝ ነው። ስለዚህ ስደት ላይ ያለ ዘመድ «እቃዬን ልላክልሽ» ሲል መጀመሪያ የሚጠየቀው ያው የስቲከሩ ፎቶ ነው።

ዋስትናው ላይ ባለ ሱቁ የመለሰላት «10 ዓመት ኮምፕረሰር፣ ሌላው 1 ዓመት» ብሎ ነው። ይህ መልስ ሐቀኛ ነው፤ ማስታወቂያው ላይ ግን የቀረው «10 ዓመት» የሚለው ብቻ ነበር። ልዩነቱን ለመረዳት ፍሪጅ ውስጥ ምን እንደሚበላሽ ማሰብ ነው። ኮምፕረሰር ጥሩ መብራት ካገኘ ከብዙ ክፍሎች በላይ ይኖራል። ቶሎ የሚበላሹት ሌሎቹ ናቸው። በረዶ የሚጋግረው ተራ ፍሪጅ ውስጥ ብዙ የለም፤ ቴርሞስታት፣ አምፖል፣ የበሩ ጎማ። ኖ ፍሮስት የሆነው ውስጥ ግን ቅዝቃዜውን የሚነፍስ ፋን አለ፣ በረዶውን በየተወሰነ ሰዓት የሚያቀልጥ ሂተር አለ፣ ሂተሩን የሚቆጣጠር ሴንሰርና ቦርድ አለ። ኢንቨርተር የሚባለው ላይ ደግሞ ኮምፕረሰሩን የሚነዳ ተጨማሪ ቦርድ አለ፤ መብራት ሲወዛወዝ መጀመሪያ የሚቃጠለው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። «የኢንቨርተር ኮምፕረሰር 10 ዓመት» የሚለው ዋስትና ይህን ቦርድ ላይጨምር ይችላል። ስለዚህ W የምትለዋ ፊደል የዋስትናውንም ዋጋ ትለውጣለች፤ ኖ ፍሮስት የሚገዛ ሰው መመልከት ያለበት የ1 ዓመቱን ክፍል እንጂ የ10 ዓመቱን አይደለም።

ኮምፕረሰሩ በዋስትናው ዘመን ቢበላሽ እንኳ የሚሰጠን ክፍሉ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ የቴክኒሻኑ ድካም፣ ጋዙና ማጓጓዣው በእኛ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ጓደኛችን ቀጥላ እንዲህ ጻፈች፦ «አመሰግናለሁ ወንድሜ። ኮምፕረሰሩ ቢበላሽ የእጅ ሥራውና ጋዙ ይሸፈናል? በመብራት መዋዠቅ የተቃጠለ ነገርስ? ስታብላይዘር መጠቀም ግዴታ ነው?» የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ለእኛ አገር ወሳኝ ናቸው። ብዙ የዋስትና ካርዶች በመብራት የደረሰ ጉዳትን አይሸፍኑም፤ አንዳንዶቹ ስታብላይዘር ወይም የፍሪጅ መከላከያ ካልተገጠመ ዋስትናው እንዳይጸና ያደርጋሉ። መከላከያው ከቮልቱ በተጨማሪ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ ነው የሚያበራው። ኮምፕረሰሩ እንደጠፋ ወዲያው ቢነሣ ውስጥ የተጨመቀው ጋዝ ገና ስላልተረጋጋ ሞተሩ ለመነሣት ይታገላል፤ በዚያ ትግል ነው የሚቃጠለው።

ዋስትናውን የሚሰጠው ማን እንደሆነም ይጠየቅ። ፋብሪካው ነው? አስመጪው? ወይስ ባለ ሱቁ በራሱ ቃል? የታወቁ ኩባንያዎች ዋስትና በአብዛኛው የሚሠራው እቃው በተሸጠበት አገር ነው። ዱባይ ተገዝቶ በኮንቴይነር የመጣ ፍሪጅ ሣጥኑ ውስጥ የሚያምር ካርድ ሊኖረው ይችላል፤ ካርዱን የሚቀበል ወርክሾፕ ግን እዚህ ላይኖር ይችላል። እንዲህ ያለ እቃ አይገዛ አልልም፤ ዋጋው ላይ ግን ዋስትና እንደሌለው ተቆጥሮ መነጋገር አለበት።

ዋጋው እንግዲህ የመጨረሻው ጥያቄ የሆነው በምክንያት ነው። ለጓደኛችንም ባለ ሱቁ «58 ሺህ» ብሎ የመለሰላት ያለ ደረሰኝ ነበር። ቫት 15 በመቶ ነውና በደረሰኝ ሲሆን 8,700 ብር ተጨምሮ 66,700 ይሆናል። «ደረሰኙ ምን ይሠራል?» የሚል አለ። ዋስትናውን የሚያጸናው እሱ ነው፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ይህን እቃ፣ ከዚህ ሱቅ፣ በዚህ ቀን ገዛሁ የምንልበት ሌላ ወረቀት የለም። በ8,700 ብር የቀነሰው ፍሪጅ ዋስትናውንም አብሮ ሊያስቀር ይችላል።

«ዋጋው እስከ መቼ ይቆያል?» የሚለው ጥያቄም የምር ነው። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ ከ100 ብር በላይ መሄዱን ሁላችንም እናስታውሳለን። ፍሪጅም ሆነ የፍሪጅ መገጣጠሚያ ከውጭ የሚመጣ ነውና ሻጭ የዛሬ ዋጋውን ለሳምንት መያዝ ላይችል ይችላል። «እስከ ቅዳሜ» የሚል የተጻፈ መልስ ካለ ግን ቅዳሜ ሄዶ ማሳየት ይቻላል።

የምሳሌያችን መጨረሻ እንዲህ ሆነ። ጓደኛችን ያገኘችውን ስቲከር መልሳ ላከችና ጻፈች፦ «ወንድሜ፣ ይሄኛው 212 ሊትር ነው፣ ኖ ፍሮስትም አይደለም። ማስታወቂያው ላይ ያለው W ያለበት አለዎት? ለደጋ የሚሆን፣ ስቲከሩ ላይ SN የሚል ቢሆን ይሻለኛል።» ከሰዓት በኋላ የሌላ ስቲከር ፎቶ መጣ። BCD-251W፣ SN/N/ST፣ 220-240 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። ዋጋው በደረሰኝ 79 ሺህ፣ ጭነቱ ለብቻ፤ ወደ ሦስተኛ ፎቅ መውጣቱም ለጫኝና አውራጆች ተጨማሪ። አሁን በእጇ ያለው ሁለት ተራ ቁጥሮች ሳይሆኑ ሁለት እውነተኛ ምርጫዎች ናቸው፦ 66,700 ለ212 ሊትር፣ በረዶ ለሚጋግር፣ ለቀላል ጥገና ለሚመች፣ ግን ብርድ ለሚጎዳው፤ ወይም 79,000 ለ251 ሊትር፣ በረዶ ለማይጋግር፣ ለብርድም ለተሠራ፣ ግን ከአንድ ዓመት በኋላ ዋስትና የሌላቸው ብዙ ክፍሎች ላሉት። እኔን ብትጠይቀኝ በረዶ የሚጋግረውን አልንቀውም፤ SN ቢኖረው ኖሮ እሱን ግዢ እላት ነበር፤ መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ክፍሉ ያነሰ ማሽን ጭንቀቱም ያነሰ ነው። SN የሌለው ስለሆነ ግን ሁለተኛውን መረጠች፤ እኔም በዚህ እስማማለሁ።

ባለ ሱቁ «ቀብድ ላኪና ላስቀምጥልሽ» አለ። ቀብዱን ከመላኳ በፊት ሞዴሉን፣ ዋጋውን፣ ዋስትናውንና ቀብዱ የሚመለስበትን ሁኔታ በአንድ መልእክት ጽፋ «ልክ ነው?» ብላ ጠየቀችው። «ልክ ነው» ብሎ መለሰ። ያ መልስ ከቴሌብር ማረጋገጫው ጋር ስልኳ ውስጥ ተቀምጧል።

እቃው በር ላይ ሲደርስ፣ ተሸካሚዎቹ ደረጃውን ሳይጀምሩ የሚታየው ሁለት ነገር ነው፤ ካርቶኑ ላይ ያለው ሞዴል ፎቶው ላይ ካለው ጋር እስከ W ድረስ መግጠሙ፣ ከዚያ ካርቶኑ ሲከፈት የካርቶኑና የውስጡ ስቲከር መለያ ቁጥር አንድ መሆኑ። ያ መለያ ቁጥር ዋስትና ካርዱ ላይ ተጽፎ የሱቁ ማኅተም ይረፍበት። መኪናው ላይ ተኝቶ የመጣ ከሆነ ደግሞ የኮምፕረሰሩ ዘይት ወደ ቱቦዎቹ ሄዶ ሊሆን ይችላልና ቀጥ አድርጎ አቁሞ ቢያንስ ጥቂት ሰዓታት፣ ረጅም መንገድ ተኝቶ ከመጣም እስከ ማግስቱ ሳይሰካ ማቆየት ነው።